ክፍያው ደርሷል፣ ኢንቮይሱ ግን አልተዘጋም፦ ለአቅራቢ የክፍያ ማሳወቂያ እንዴት ይላካል?

የአቅራቢያችሁ ሂሳብ ሠራተኛ የባንክ ስቴትመንቷን ስትከፍት ስለ እናንተ የምታየው አንድ መስመር ነው። ቀን አለ፣ መጠን አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ግማሹ የተቆረጠ ጽሑፍ አለ። በቃ። ሦስት ኢንቮይስ በአንድ ላይ ከፍላችሁ፣ ለተመለሰ ዕቃ ክሬዲት ኖት ቀንሳችሁ፣ ለጎደለ ካርቶን ደግሞ ትንሽ ቆርጣችሁ ከሆነ፣ ያ መጠን ከየትኛውም ኢንቮይስ ጋር አይገጥምም። ሠራተኛዋ ያላት ምርጫ ሁለት ነው። ወይ እየደመረችና እየቀነሰች ትገምታለች፣ ወይ ገንዘቡን «ያልተለየ ገቢ» ብላ ታስቀምጠዋለች። ሁለተኛውን ከመረጠች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለከፈላችሁት ኢንቮይስ የማስታወሻ ደብዳቤ ይመጣላችኋል። አንዳንዴም ቀጣዩ ጭነት ይያዛል።

የክፍያ ማሳወቂያ ያንን አንድ መስመር ከኢንቮይሶቹ ጋር የሚያገናኝ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ሲያዘጋጀው ከራሱ መዝገብ ይነሳል፤ የራሱን ቫውቸር ቁጥር፣ ክፍያው የጸደቀበትን ቀን፣ የራሱን የአቅራቢ ኮድ ይጽፋል። አቅራቢው ግን እነዚህን አያውቃቸውም። መነሻችሁ እሱ ስቴትመንት ላይ የሚያየው መስመር ይሁን። ከዚያ ወደ ኢንቮይሶቹ ውሰዱት።

አንድ ክፍያ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድ። ሦስት ኢንቮይስ አለ እንበል። ቁጥሩ 4471 የሆነው 18,400 ዶላር ነው። 4478 የሚለው 7,250 ነው። 4490 ደግሞ 12,900። ከ4471 ላይ ለተመለሰ ዕቃ አቅራቢው የ1,150 ክሬዲት ኖት ሰጥቷል፤ ቁጥሩ 212 ነው። በ4490 ደግሞ ሦስት ካርቶን ጎድሎ ደርሷል። የአንዱ ዋጋ 120 ስለሆነ 360 ይሆናል። ለዚህኛው ክሬዲት ኖት ገና አልመጣም። ሁሉም ተደምሮና ተቀንሶ የሚላከው 37,040 ነው።

አንደኛ፦ ሪፈረንሱን ከዝውውሩ በፊት ወስኑ

ማሳወቂያውን ክፍያው ከወጣ በኋላ ማሰብ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል። የባንኩ ቅጽ ላይ የምትሞሉት የክፍያ ምክንያት ሳጥን እና ማሳወቂያው ላይ የምትጽፉት ቁጥር አንድ መሆን አለባቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ለማሳወቂያው ቁጥር ስጡት። በምሳሌያችን PA0318 ይሁን። ከዚያ ባንኩ ላይ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

```
PA0318 INV 4471 4478 4490 CN 212
```

ይህ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 32 ሆሄ ነው። በስዊፍት በሚተላለፍ የተለመደ የክፍያ መልእክት ለዚህ ጽሑፍ የሚሰጠው ቦታ በድምሩ 140 ሆሄ ነው። እኛ ከሩቡ ባነሰ ቦታ ጨረስን። ሁሉም የክፍያ መስመር ግን እንዲህ ለጋስ አይደለም። ለምሳሌ በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ዝውውሮች ሪፈረንሱ 18 ሆሄ ብቻ ነው። ያው ጽሑፍ እዚያ ቢገባ አቅራቢው የሚያየው ይህን ብቻ ነው፦

```
PA0318 INV 4471 44
```

ሁለቱ ኢንቮይሶችና ክሬዲት ኖቱ ጠፍተዋል። PA0318 ግን ከፊት ስለነበር ተርፏል። አቅራቢው በዚያ ቁጥር ኢሜይሉን ፈልጎ ያገኘዋል። የማሳወቂያውን ቁጥር ሁልጊዜ ከፊት አድርጉ የምለው ለዚህ ነው። የድርጅታችሁን ስም እዚያ መጻፍ ቦታ ማባከን ነው፤ የላኪው ስም ለብቻው ይተላለፋል። «ለዕቃ ክፍያ» የሚለውማ ከነጭራሹ ምንም አይጠቅምም። የሚከፈለው ለዕቃ መሆኑን አቅራቢው አሳምሮ ያውቃል።

ስለ ሆሄዎቹም አንድ ነገር አለ። የስዊፍት መልእክት ሲሠራ የኖረው በላቲን ሆሄና በቁጥር ነው፤ ፊደላችንን አይቀበልም። ምልክቶችም ቢሆኑ በነባሩ አሠራር የሚፈቀዱት ጥቂት ነበሩ። `#`፣ `&` እና `_` ከሚፈቀዱት ውስጥ አልነበሩም። ዛሬም ባንኩ ወይ ቅጹን ሊመልስ፣ ወይ ምልክቱን በዝምታ በሌላ ሊተካ ይችላል። `INV_4471` ብላችሁ ልካችሁ አቅራቢው ዘንድ ሌላ ነገር ሆኖ ቢደርስ የእሱ ሲስተም አያገኘውም። ባዶ ቦታ ብቻ ብትጠቀሙ ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ።

የኢንቮይስ ቁጥሩን ራሱ ግን አታሳምሩት። አቅራቢው `0004471` ብሎ ካተመ ዜሮዎቹ ይኑሩ። ኢንቮይሱ ላይ በ`RF` የሚጀምር ረጅም ሪፈረንስ ካለ ደግሞ ነገሩ ይቀልላችኋል። ይህ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ የአቅራቢ ሪፈረንስ ነው። ከ`RF` ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች ማረጋገጫ ናቸው፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳታችሁ ሲስተሙ ይነቃበታል። ርዝመቱ ከ25 ሆሄ አይበልጥም። ባንካችሁ ለእሱ የተለየ ሳጥን ካለው እዚያው ብቻውን ይግባ፤ ሌላ ነገር አትቀላቅሉበት። አንድ ኢንቮይስ በሙሉ ዋጋው ስትከፍሉ ይህ ቁጥር ብቻ ሊበቃ ይችላል። እንደ ምሳሌያችን ሦስት ኢንቮይስ ሲጠቀለል ግን አይበቃም።

ሁለተኛ፦ የባንኩን ማረጋገጫ ጠብቁ፣ ቀኑን ከእሱ ላይ ውሰዱ

አንድ ክፍያ ብዙ ቀኖች አሉት። የተዘጋጀበት፣ የተፈረመበት፣ ባንክ የገባበት፣ ከሂሳባችሁ የወጣበት፣ አቅራቢው ሂሳብ ላይ የገባበት። ማሳወቂያው ላይ የሚጻፈው ባንኩ ዝውውሩን የፈጸመበት ቀን ነው፤ ባንኮች ቫሊዩ ዴት የሚሉት።

በምሳሌያችን ሥራ አስኪያጁ አርብ ማርች 6 ቀን 2026 ከሰዓት በኋላ አጸደቀ እንበል። ባንኩ የዕለቱን ክፍያ የሚቀበልበት ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ዝውውሩ የሚፈጸመው ሰኞ ማርች 9 ነው። ማሳወቂያው ላይ ማርች 6 ብላችሁ ብትጽፉ አቅራቢው አርብን ይፈልጋል፤ ባዶ ነው። ቅዳሜና እሁድ ምንም የለም። ሰኞ ደውሎ «ብሩ አልገባም» ይላችኋል፣ እናንተም «ልከናል» ትላላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጥፋቱ የቀኑ ነው።

ቀኑን ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። 09/03 ለአንዱ ማርች 9 ነው፣ ለሌላው ሴፕቴምበር 3። የማይምታታ የቁጥር አጻጻፍ ከፈለጋችሁ ዓመቱን አስቀድሙ፤ `2026-03-09` ከሆነ ማንም አይሳሳትም።

ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ ግን ቃል አትግቡ። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ክፍያ በመሃል ባንኮች አልፎ ነው የሚደርሰው። ሰኞ የወጣው አቅራቢው ስቴትመንት ላይ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሊታይ ይችላል። «ከሂሳባችን የወጣበት ቀን» ብላችሁ በግልጽ ከጻፋችሁ ሰውየው ከዚያ ቀን ወደፊት ይፈልጋል።

ማረጋገጫውን ከያዛችሁ አይቀር የባንኩን የዝውውር ቁጥርም ከእሱ ላይ ቅዱ። ይህ ቁጥር አቅራቢው ስቴትመንት ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የእናንተ ባንክ ለራሱ የሰጠው ነው። ታዲያ ለምን ይጻፋል? ገንዘቡ መንገድ ላይ ከቀረ መፈለጊያው እሱ ነው። ከአገር ወደ አገር በሚሄድ የስዊፍት ክፍያ ደግሞ `UETR` የሚባል ቁጥር አለ። 36 ሆሄ ነው፣ በሰረዝ የተከፋፈለ። ከእናንተ ባንክ እስከ አቅራቢው ባንክ ድረስ ሳይለወጥ ይሄዳል። አቅራቢው ይህን ይዞ ባንኩ ቢሄድ ክፍያው የት እንደቆመ ሊነግሩት ይችላሉ። ማረጋገጫው ላይ ካላያችሁት ባንኩን ጠይቁ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር፦ ማሳወቂያውን ማረጋገጫው ሳይመጣ አትላኩ። የክፍያ ፋይሉን ሲጭኑ ወዲያው ኢሜይሉን የሚልኩ ሲስተሞች አሉ። ክፍያው ባንክ ላይ ውድቅ ከተደረገ አቅራቢው እጅ ላይ የሌለ ገንዘብ ማሳወቂያ ይቀራል። የእናንተም ሲስተም እንዲህ ከሆነ መላኩን ለማግስቱ ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ዝርዝሩን ሥሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ የመስመሮቹ ድምር ከተላከው ገንዘብ ጋር እስከ ሳንቲም መግጠም አለበት። ለእያንዳንዱ ኢንቮይስ የራሱ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ቅነሳም የራሱ መስመር። ቅነሳን ኢንቮይሱ ውስጥ አትደብቁት። «4490፦ 12,540» ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ አቅራቢው የቁጥር ስህተት ይመስለዋል።

የኛ ምሳሌ ሙሉው ኢሜይል ይህን ይመስላል፦

> ርዕስ፦ የክፍያ ማሳወቂያ PA0318፣ 37,040.00 USD፣ ማርች 9 ቀን 2026
>
> ለተሰብሳቢ ሂሳብ ክፍል፣
>
> ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ኢንቮይሶች በባንክ ዝውውር ከፍለናል።
>
> የማሳወቂያ ቁጥር (ባንኩ ላይ የተጻፈው ሪፈረንስ)፦ PA0318
> ከሂሳባችን የወጣበት ቀን፦ ሰኞ ማርች 9 ቀን 2026
> የተላከው መጠን፦ 37,040.00 USD
> የባንክ ወጪ፦ SHA
> የገባበት ሂሳብ፦ መጨረሻው 6612 የሆነው
> የባንክ ዝውውር ቁጥር እና UETR፦ ከተያያዘው ማረጋገጫ ይመልከቱ
>
> ኢንቮይስ 4471፦ 18,400.00
> ክሬዲት ኖት 212 (ከ4471 የተመለሰ ዕቃ)፦ −1,150.00
> ኢንቮይስ 4478፦ 7,250.00
> ኢንቮይስ 4490፦ 12,900.00
> ከ4490 የተያዘ (3 ካርቶን ጎድሏል፣ የርክክብ ሰነዱ ተያይዟል)፦ −360.00
> ድምር፦ 37,040.00
>
> ለ360 ክሬዲት ኖት እንድትልኩልን እንጠይቃለን። በዝርዝሩ ላይ ጥያቄ ካለ በዚህ ኢሜይል መልሱልን።

የሁለቱን ቅነሳዎች ልዩነት አስተውሉ። 1,150ው ተዘግቷል፤ አቅራቢው ራሱ የሰጠው ሰነድ አለው። 360ው ግን የእናንተ አቋም እንጂ ስምምነት አይደለም። አቅራቢው ኢንቮይስ 4490ን በ12,540 ያወራርድና 360ውን ክፍት ይተወዋል፣ እስኪጣራ ድረስ። ይህ ጤነኛ ውጤት ነው። ክፍት የቀረው 360 ብቻ ነው፤ ሙሉው 12,900 አይደለም። ምክንያቱን ካልጻፋችሁ ግን አንዳንድ ድርጅት ክፍያው ስላልገጠመ ብቻ ኢንቮይሱን እንዳለ ክፍት ይተወዋል።

ከክፍያ ላይ ዊዝሆልዲንግ ታክስ የምትቀንሱ ከሆነም በራሱ መስመር ይግባ፣ የሰርተፊኬቱ ቁጥር ከጎኑ ይሁን። ለአቅራቢው ያ ገንዘብ እንደተከፈለ የሚቆጠረው በሰርተፊኬቱ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ቀደም ብላችሁ ሰጥታችሁ ከሆነም እንዲሁ፤ መቼ በየትኛው ሪፈረንስ እንደተከፈለ ጥቀሱ።

የባንክ ወጪው ጉዳይ

አቅራቢው ሂሳብ ላይ 37,040 ሳይሆን 37,015 ቢገባስ? ሃያ አምስቱን ያነሳው የመሃል ባንክ ወይም የራሱ ባንክ ነው። የዝውውር ቅጹ ላይ ሦስት አማራጭ አለ። `OUR` ከሆነ ወጪውን ሁሉ ላኪው ይሸከማል። `SHA` ከሆነ ላኪው የራሱን ባንክ ይከፍላል፣ የቀረው ከሚላከው ላይ ይቆረጣል። `BEN` ከሆነ ሁሉም ከተቀባዩ ነው።

ማሳወቂያው ላይ የሚጻፈው መጠን እናንተ ያዘዛችሁት ነው፣ ከጎኑ ይህ ኮድ ይኑር። ኮዱን ያየ ሠራተኛ የ25 ጉድለቱን ወዲያው ይረዳዋል። ኮዱ ከሌለ ግን ከደንበኛ የጎደለ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል፣ ከዚያ ከወራት በኋላ 25 ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል። ውላችሁ ሙሉ መጠን እንዲደርስ የሚያስገድድ ከሆነ ደግሞ `SHA` ብሎ መላክ ራሱ ስህተት ነው፤ ማሳወቂያ አያድነውም።

አራተኛ፦ ለትክክለኛው ሰው ላኩ

ዕቃውን የሸጠላችሁ ልጅ ጥሩ ሰው ይሆናል፣ ኢንቮይስ የሚያወራርደው ግን እሱ አይደለም። ኢሜይሉ እሱ ጋር ይቀመጣል፣ እረፍት ከወጣማ አለቀ። አቅራቢውን አንድ ጊዜ ጠይቁ፤ የተሰብሳቢ ሂሳብ የጋራ አድራሻ ይኖረዋል። የአቅራቢው መዝገብ ላይ አስገቡት፣ ሻጩን ኮፒ ማድረግ ከፈለጋችሁ አድርጉ።

ርዕሱ ላይ ቁጥሩ፣ መጠኑና ቀኑ ይኑሩ። ሰው ኢሜይል የሚፈልገው በመጠን ነው። ስቴትመንቱ ላይ 37,040 አይታ ያንኑ ቁጥር መፈለጊያው ላይ ትጽፋለች። ዝርዝሩም እዚያው ኢሜይሉ ውስጥ በጽሑፍ ይሁን፤ ፒዲኤፍ ወይም ኤክሴል ቢያያዝ ጥሩ ነው። የስልክ ፎቶ ወይም ስክሪንሾት ግን አትላኩ። ቁጥሩ ኮፒ አይደረግም፣ አይፈለግም፣ ግማሹም አይነበብም።

ዝርዝሩን ኢሜይሉ ውስጥ ጻፉ የምለው ለሌላም ምክንያት ነው። «የክፍያ ማሳወቂያ ተያይዟል» የሚል ኢሜይል አጭበርባሪዎች የሚወዱት ማጥመጃ ነው። ጠንቃቃ ሠራተኛ ባዶ መልእክትና አንድ ማያያዣ ስታይ አትከፍተውም፣ ልክም ናት። የራሷን ኢንቮይስ ቁጥሮች ጽሑፉ ውስጥ ካየች ግን ትተማመናለች። ሊንክ አታስገቡ። የሂሳብ ቁጥሩን ሙሉውን አትጻፉ፣ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ይበቃሉ። በዚህ ኢሜይል መልስ ላይ «የባንክ ሂሳባችንን ቀይረናል» የሚል ነገር ከመጣ ደግሞ ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትቀበሉ።

ገንዘቡ የሚወጣው ከሌላ ድርጅት ስም ከሆነ፣ ለምሳሌ እናት ኩባንያው ለእናንተ የሚከፍል ከሆነ፣ ያንን ስም መጀመሪያው ላይ ጻፉት። ስቴትመንቱ ላይ የሚታየው ያ ስም ነው።

አምስተኛ፦ መወራረዱን አረጋግጡ

ማሳወቂያው ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው አቅራቢው በሚልከው የሂሳብ መግለጫ ነው። ወር ሲያልቅ ጠይቁትና ሦስት ነገር እዩ። 4471 እና 4478 ከዝርዝሩ ጠፍተዋል? 4490 ላይ 360 ብቻ ቀርቷል? ክሬዲት ኖት 212 ተነስቷል?

«ያልተመደበ ክፍያ» የሚል 37,040 ወይም 37,015 በመቀነስ ካያችሁ ገንዘቡ ደርሷል፣ ማሳወቂያው ግን ወይ አልደረሰም ወይ አልተነበበም። ያንኑ ኢሜይል መልሳችሁ ላኩ። ሌላም የሚያጋጥም አለ፤ እናንተ ያልጠቀሳችሁት የቆየ ኢንቮይስ ተዘግቶ 4490 እንዳለ ክፍት ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ይህ የሚሆነው የአቅራቢው ሲስተም ዝርዝር ሲያጣ ከአሮጌው ጀምሮ እንዲዘጋ ሲደረግ ነው። ድምሩ ስለማይዛባ ሳይታይ ወራት ያልፋል። በተለይ ያ የቆየው ኢንቮይስ የምትከራከሩበት ከሆነ፣ ሳታስቡት የከፈላችሁት ያስመስለዋል። ስለዚህ በጽሑፍ እንዲስተካከል ጠይቁ።

ዝውውሩ ከነጭራሹ ከተመለሰስ? የሂሳብ ቁጥሩ ስህተት ሆኖ ወይም ሂሳቡ ተዘግቶ ገንዘቡ ወደ እናንተ ሊመለስ ይችላል። በዚያው ቀን «PA0318 ተሰርዟል፣ ክፍያው ተመልሷል» ብላችሁ ጻፉ። ሲስተካከል እንደገና ስትከፍሉ ግን ያንን ቁጥር አትድገሙት። ባንኩ ላይም ማሳወቂያው ላይም አዲስ ቁጥር፣ PA0325 በሉት፣ አዲስ ቀን፣ አዲስ የዝውውር ቁጥር ይሁን። ከታች አንድ መስመር ብቻ ጨምሩ፦ «ይህ በPA0318 ምትክ የተላከ ነው።»